ሩጫ፣ ባዛር፣ የእራት ምሽት ወይስ የሰፈሮች ቡና? ለትንሽ ከተማ ማኅበር የገቢ ማሰባሰቢያ ንጽጽር

የከተማ ልማት ማኅበር ኮሚቴ ለገቢ ማሰባሰቢያ ሲቀመጥ ብዙ ጊዜ ውይይቱ የሚጀምረው “ምን እናዘጋጅ?” ከሚለው ነው። አንዱ ሩጫ ይላል፣ ሌላው ባዛር፣ ሦስተኛው ዘፋኝ እንጥራ ይላል። ከዚያ በፊት መልስ የሚያሻው ጥያቄ አለ፦ የምንጠይቀው የማንን ብር ነው? ከተማው ውስጥ የሚኖረውን ሰው፣ በከተማው የሚነግደውን፣ ወይስ ተወልዶበት አዲስ አበባና ውጭ አገር የሚኖረውን? መልሱ ሲታወቅ ከዝግጅቶቹ ግማሹ በራሱ ይወድቃል።

ሁለተኛ ነገር አለ። ከተማውን በሙሉ አደባባይ የሚያወጣ ዝግጅትና ጠቀም ያለ ብር የሚያስገባ ዝግጅት አንድ የሚሆኑት በጣም አልፎ አልፎ ነው። ሁሉም እንዲመጣ ከተፈለገ መግቢያው ነጻ ወይም ለነጻ የቀረበ መሆን አለበት። ብር ከተፈለገ ደግሞ መክፈል የሚችሉት ጥቂቶች ለብቻ መጋበዝ አለባቸው። ሁለቱን አንድ ቀን ላይ የሚጭን ኮሚቴ ብዙውን ጊዜ ሕዝቡንም ብሩንም በግማሽ ያገኛል። ስለዚህ አራቱን አማራጮች ከማወዳደር ባለፈ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚጣመርም እናያለን።

ለማወዳደሪያ አንድ ምሳሌ እንያዝ። ሃያ ሺህ ያህል ሕዝብ ያለው ከተማ፣ ስምንት ሰፈሮች፣ በየሰፈሩ እድር፣ ጅምር ላይ የቆመ የወጣቶች ቤተ መጻሕፍት፣ ለጣሪያውና ለመደርደሪያው 400,000 ብር የሚያስፈልገው ማኅበር። ከዚህ በታች ያሉት ዋጋዎች ለስሌት የተወሰዱ ናቸው፤ በየከተማው ያለውን የዕለቱን ዋጋ አስገብቶ ስሌቱን መድገም ያስፈልጋል።

ሩጫ፦ ትርፉ ያለው ካናቴራው ላይ አይደለም

ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በ1994 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከተጀመረ ወዲህ ካናቴራ ገዝቶ መሮጥ ለሁሉም የገባ ነገር ሆኗል። ስለዚህ ትናንሽ ከተሞችም ቀድሞ የሚታያቸው ሩጫ ነው። ሰው ያሰባስባል፣ ፎቶው ያምራል፣ ልጅም አዛውንትም ይሳተፋል። ችግሩ ማኅበሩ አንድ ብር ሳያስገባ በፊት ትልቁን ወጪ ማውጣቱ ነው።

ስሌቱን እንየው። አንዱ ካናቴራ ከነሕትመቱ 400 ብር ያስወጣል፣ በ600 ይሸጣል እንበል። አምስት መቶ ካናቴራ ለማዘዝ 200,000 ብር ይከፈላል። ውሃ፣ ድምፅ ማጉያ፣ የሽልማት ሜዳሊያና የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ሌላ 50,000 ይወስዳሉ። ወጪው ብቻ እንዲመለስ 417 ካናቴራ መሸጥ አለበት። አምስት መቶውም ቢሸጥ የሚተርፈው 50,000 ነው። ሦስት መቶ ብቻ ከተሸጠ ማኅበሩ 70,000 ብር ይከስራል፤ ሁለት መቶ ካናቴራ ደግሞ ጽሕፈት ቤቱ ጥግ ተከምሮ ይቀራል።

የካናቴራውን 200,000 አንድ ባንክ ወይም ፋብሪካ ስፖንሰር ሆኖ ከሸፈነው ግን ሂሳቡ ይገለበጣል። ሦስት መቶ ብቻ ቢሸጥ እንኳ 130,000 ይተርፋል። ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው፦ የስፖንሰሩ ገንዘብ ማኅበሩ አካውንት ውስጥ ሳይገባ ካናቴራ አይታዘዝም። “ደብዳቤው ተፈርሟል፣ ክፍያው በሂደት ላይ ነው” የሚለው መልስ ለማተሚያ ቤቱ ቀብድ ለመክፈል አይበቃም።

ሌላው ፈተና ቀኑ ነው። እሑድ ጠዋት በትንሽ ከተማ ግማሹ ሰው ቅዳሴ ላይ ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ በብዙ ቦታ የገበያ ቀን ሆኖ መንገዱ በከብትና በጋሪ ይሞላል። እንደ የካቲት 23 ወይም ሚያዝያ 27 ያለ ብሔራዊ በዓል የተሻለ ይሄዳል፤ ያኔም የመስተዳድሩ የበዓል አከባበር በስንት ሰዓት የት እንደሆነ አስቀድሞ ይጠየቅ። ርቀቱ ከአምስት ኪሎ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ውሃ መሃል ላይና መጨረሻው ላይ ይቀመጥ። መነሻው ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ከሆነ ፀሐዩ ሳይከር ያልቃል።

ባዛር፦ ብሩ ቀድሞ የሚገባበት

ባዛር ከሩጫ ተቃራኒ ነው። ነጋዴው የቦታ ኪራዩን አስቀድሞ ይከፍላል፣ ማኅበሩ ወጪውን የሚያወጣው ከዚያ ነው። አደጋው ትንሽ ነው፣ ትርፉም ግን ጣሪያ አለው፤ ድንኳን ከሚይዘው ቦታ በላይ አይሸጥም።

ለአምስት ቀን አርባ ድንኳን እንትከል። 25ቱ ለከተማው ነጋዴዎች በ2,000፣ 15ቱ ከውጭ ለሚመጡ በ5,000 ብር ቢከራዩ 125,000 ይገባል። ድንኳን፣ ጄኔሬተርና ነዳጅ፣ የሌሊት ጥበቃ፣ የመጸዳጃ ጽዳትና ማስታወቂያ 60,000 ቢወስዱ 65,000 ይቀራል።

ሁለት ዓይነት ዋጋ ያወጣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ባዛር የሚሞተው በሕዝብ ማነስ ሳይሆን በከተማው ነጋዴ ቅሬታ ነው። ዓመቱን ሙሉ ግብርና የሱቅ ኪራይ የሚከፍለው ባለሱቅ፣ ለበዓል አከማችቶ የጠበቀውን ገበያ ከሌላ ከተማ በመኪና ጭኖ የመጣ ሰው ሲወስድበት ዝም አይልም። የሚቀጥለው ዓመት ስፖንሰርም መዋጮም የሚጠየቀው ያው ባለሱቅ ነው። ስለዚህ ምዝገባው ለመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ለከተማው ነጋዴ ብቻ ይከፈት፣ ዋጋውም ይቀነስለት። ከውጭ የሚመጡት ከተማው ውስጥ የማይገኝ ዕቃ የያዙ ቢሆኑ ደግሞ ጠቡ ከነጭራሹ አይነሳም፤ የሸክላና የቆዳ ሥራ፣ የሽመና ውጤት፣ መጽሐፍ፣ የቤት ዕቃ።

የገና ዋዜማ ሳምንት ለባዛር ጥሩ ነው፤ እህሉ ተወቅቷል፣ ገበሬው እጅ ላይ ብር አለ፣ ዝናብም የለም። ግን ጾመ ነቢያት እስከ ታኅሣሥ 28 ስለሚቆይ ቦታ የሚይዙ ምግብ ሻጮች የጾም ምግብ እንዲያቀርቡ ውሉ ላይ ይጻፍ። ጥብስ አቅርቦ ገበያ ያጣ ሰው የኪራይ ብር መልሱልኝ ይላል። በውሉ ላይ ሌላም የሚገባ ነገር አለ፦ መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተሩ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ ድምፅ ማጉያ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ፣ ነጋዴው ሳይመጣ ቢቀር ቀብዱ እንደማይመለስ።

የሰፈሮች ቡና፦ ሁሉም የሚመጣበት

ብር ለማግኘት ሳይሆን ሰው ለማገናኘት ከተባለ ከአራቱ ይህን እናስቀድማለን። ሐሳቡ ቀላል ነው። ስምንቱ ሰፈሮች አደባባይ ላይ እያንዳንዳቸው ቄጤማ ጎዝጉዘው፣ ረከቦት ዘርግተው ቡና ያፈላሉ። የመጣው ሁሉ ከፈለገው ሰፈር ይጠጣል፣ ለአንድ ሲኒ አንድ ኩፖን ይሰጣል። በመጨረሻ ብዙ ኩፖን የሰበሰበው ሰፈር ዋንጫውን ለዓመት ወስዶ እድሩ ቤት ያስቀምጠዋል። ቡና ጾም የለውም፣ ሃይማኖትም አይለይም፤ ከሰል፣ ቡናና ስኳር ከየእድሩ ስለሚዋጣ ደግሞ ማኅበሩ የሚያወጣው እምብዛም ነው። በየሰፈሩ ሦስት መቶ ሲኒ በ20 ብር ቢጠጣ 48,000 ብር ይሆናል። ለኩፖን ሕትመትና ለድምፅ ማጉያ 12,000 ቢወጣ 36,000 ይተርፋል።

ሦስት መቶ ሲኒ ሲባል ትንሽ ይመስላል እንጂ ለአንድ ሰፈር ከባድ ሥራ ነው። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ሲቆላ ክብደቱ ቀንሶ መቶ ሲኒ ያህል ይወጣዋል፣ ስለዚህ በየሰፈሩ ሦስት ኪሎ ይያዝ። አንዱ ጀበና አሥር፣ አሥራ ሁለት ሲኒ ቢቀዳ ሃያ ሰባት ጊዜ ያህል ማፍላት ያስፈልጋል። በአንድ ምድጃ ይህ ቀኑን ሙሉ አያልቅም። ሦስት ምድጃና ሦስት ጀበና ተራ በተራ ከተጣዱ፣ አንዱ ጀበና ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ፣ በሦስት ሰዓት ይደርሳል። ቡናው ማለዳ ተቆልቶና ተወቅጦ ይምጣ፤ አደባባዩ ላይ የሚቆላው ለሽታውና ለወጉ አንድ ዙር ብቻ ነው።

ወረፋውን የሚያስረዝመው ግን ማፍላቱ ሳይሆን የሲኒ እጥበት ነው። ብዙ ኮሚቴ ይህን አያስብም፤ ሃያ ሲኒ ይዞ ይመጣና ሰው ጀበናው ሞልቶ ሳለ ሲኒ ሲጠብቅ ይቆማል። በየሰፈሩ ቢያንስ አርባ ሲኒ፣ ሥራቸው ማጠብ ብቻ የሆነ ሁለት ሰዎች፣ ለማፍያ ሁለት ለእጥበት ደግሞ ሦስት ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ውሃ ይያዝ። የከተማው ውሃ በዚያ ቀን በፈረቃ የሚጠፋ ከሆነ ጀሪካኑ ዋዜማውን ይሞላ።

ጥሬ ብር ከቡና አፍይዋ እጅ መግባት የለበትም። ሰው ስለማይታመን አይደለም፤ ከሰል የነካ እጅ መልስ ሲቆጥር ወረፋው ስለሚቆም፣ ማታ ላይም “የኛ ሰፈር ብር ጎደለ” የሚል ሐሜት ስለሚነሳ ነው። አደባባዩ መግቢያ ላይ ሁለት የኩፖን ጠረጴዛ ይቀመጥ፣ በየጠረጴዛው ሁለት ሰው፣ አንዱ ብር ተቀባይ አንዱ ኩፖን ሰጪ። ኩፖኑ ተራ ቁጥርና የማኅበሩ ማኅተም ይኑረው፣ በመቶ በመቶ ይጠረዝ። ማታ ያልተሸጠው ሲመለስ የተሸጠው ብዛት በ20 ተባዝቶ ከብሩ ጋር መግጠም አለበት። በየሰፈሩ ያለው ሳጥን በሁለት ቁልፍ ይቆለፍና ሁሉም እያየ ይቆጠራል። በቴሌብር የሚከፍል ሰው ቢኖር ቁጥሩ የማኅበሩ እንጂ የገንዘብ ያዡ የግል ስልክ አይሁን።

ምግብ መጨመር ከተፈለገ ሥጋ ባይገባበት ይመረጣል። ክርስቲያንና ሙስሊም በሚኖርበት ከተማ ሥጋ ሲመጣ ሁለት አራጅ፣ ሁለት ወጥ ቤትና ሁለት ጎን ይመጣል፤ ለአንድነት የተጠራ ሰው ሁለት ቦታ ተለይቶ ይቀመጣል። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና አምባሻ ከሆነ ግን ሁሉም ከአንድ ድስት ይበላል፤ ቀኑ ረቡዕም ዓርብም ቢሆን ችግር የለም። ረመዳን ግን ዓመት በዓመት በ11 ቀን ገደማ ቀድሞ ስለሚመጣ ቀኑ ሲቆረጥ ይታይ።

ለዚህ ቀን የምንመርጠው ጥር 13ን ነው። ጥምቀትና ቃና ዘገሊላ አልፈው፣ ለበዓል ከሩቅ የመጡት የከተማው ልጆች ገና አልተመለሱም።

የእራት ምሽት፦ ዋናው ብር ያለበት

ትልቁ ገንዘብ ብዙ ጊዜ ከተማው ውስጥ የለም። የጉራጌ ተወላጆች በ1950ዎቹ አገራቸው መንገድ እንዲገባለት አዲስ አበባ ላይ ተደራጅተው ገንዘብ ማሰባሰባቸው የሚታወቅ ነው። ዛሬም ያው ነው፤ ለከተማው ቤተ መጻሕፍት የሚሆነው ብር ያለው ከተማውን ለቀው በወጡት እጅ ነው። ስለዚህ እራቱ አዲስ አበባ ቢዘጋጅ፣ በጥር መጨረሻ ወይም በየካቲት መጀመሪያ፣ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ቢሆን ይሻላል።

ከትኬቱ ብዙ አይጠበቅ። መቶ ሃያ ሰው በ1,500 ብር ቢገባ 180,000 ነው። ምግቡ ለአንድ ሰው 700፣ ማለትም 84,000፣ አዳራሹ 30,000፣ ሙዚቃው 20,000 ቢሆን 46,000 ይተርፋል። የትኬቱ ጥቅም ሰዎቹን ወንበር ላይ ማስቀመጡ ነው፤ ብሩ የሚመጣው ከጨረታውና ከቃል መግባቱ ነው።

ጨረታው ላይ ዕቃው ውድ መሆን የለበትም። የከተማው ሴቶች የፈተሉት ጋቢ፣ ድፎ ዳቦ፣ ሙክት፣ የድሮው ትምህርት ቤት ፎቶ በፍሬም ይበቃል። ያሸነፈው ሰው ብዙ ጊዜ “ለማኅበሩ መልሼ ሰጥቻለሁ” ይልና ዕቃው እንደገና ይጫረታል፤ አንድ ጋቢ ሦስቴ ሊሸጥ ይችላል። ግን ከአምስት ዕቃ በላይ አይቅረብ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ እጅ የሚያወጡት ያው ሦስት ሰዎች ብቻ ይሆናሉ፣ ሌላው ወሬ ይጀምራል። ጨረታው የሚጀመረው እራቱ ከመነሳቱ በፊት ነው። ከበሉ በኋላ የሚቀሩት የኮሚቴው ዘመዶች ናቸው።

ይህ ዝግጅት የሚበላሸው በዚያች ምሽት ሳይሆን በማግስቱ ነው። መድረክ ላይ የተገባ ቃል ሁሉ አይከፈልም። አንዳንዱ በጭብጨባ መሃል ከአቅሙ በላይ ይናገራል፣ አንዳንዱ ይረሳል፣ አንዳንዱም የሚጠይቀው ሰው ይጠብቃል። ስለዚህ ዕቅድ ሲወጣ ቃል ከተገባው ግማሹን ብቻ ይቁጠሩ፤ 500,000 ቃል ከተገባ ሂሳቡ ላይ 250,000 ይጻፍ። በየጠረጴዛው ስም፣ ስልክ፣ መጠንና የሚከፈልበት ቀን የሚሞላበት ቅጽ ይቀመጥ፣ ቅጹን የሚያስሞላም ሰው ይመደብ። ለመክፈል የፈለገ እዚያው እንዲከፍል የባንክ ሂሳብ ቁጥሩ በትልቁ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ለሁሉም ይደወል፤ የሚደውለው ደግሞ ጸሐፊው ሳይሆን ሰውየው የሚያከብረው፣ አብሮ አደጉ ቢሆን ይከፈላል። “ይህን ያህል ተሰበሰበ” ተብሎ የሚነገረው አካውንት የገባው ብቻ ነው። ቃል የተገባው ቁጥር እንደ ገባ ተደርጎ ከተለፈፈ ከተማው ውስጥ “ብሩ የት ሄደ?” የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ለዚያ መልስ የለም።

ከአራቱ ውጭ ሌሎች ሁለት

ቶምቦላ ብዙ ኮሚቴ ያማልላል። ትኬት አሳትሞ መኪና ወይም ሞተር ሳይክል ማውጣት ቀላል ይመስላል፣ ነገር ግን ሎተሪን ከሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ፈቃድ ሳይወጣ ትኬት መሸጥ ሕገ ወጥ ነው። ፈቃዱም ቢገኝ ትኬት አልተሸጠም ተብሎ ዕጣው ሲራዘም የማኅበሩ ስም ይጠፋል። ለመጀመሪያ ዓመት አንመክርም። የሰፈሮች እግር ኳስ ደግሞ ተመልካች አያጣም፣ ገቢው ግን ከምዝገባ ክፍያና ከሻይ ሽያጭ አያልፍም፤ ዳኛውም ከሌላ ከተማ ካልመጣ ፍጻሜው በጠብ ያልቃል።

ምሳሌያችን ላይ ምን እንምረጥ?

ለ400,000 ብሩ ሦስቱን በዚህ ቅደም ተከተል እናጣምራለን፦ በታኅሣሥ ባዛር፣ ጥር 13 የሰፈሮች ቡና፣ ከዚያ የአዲስ አበባው እራት። ባዛሩ 65,000፣ ቡናው 36,000፣ የእራቱ ትኬት 46,000፣ ጨረታና ቃል 250,000 ቢያመጡ 397,000 ይሆናል። የቀረው ሦስት ሺህ አያሳስብም። ባዛሩ የሚቀድመው ብሩ አስቀድሞ ስለሚገባ ነው፤ የኩፖን ማሳተሚያውና የአዳራሹ ቀብድ ከሱ ይከፈላል፣ ማኅበሩም አይበደርም። ቡናው ከእራቱ የሚቀድመው ደግሞ አዲስ አበባ ላይ “ከተማው ራሱ ይህን አዋጥቷል፣ ሰፈሮቹ እነዚህ ናቸው” ብሎ ፎቶና ቁጥር ለማሳየት ነው። የከተማው ሰው ያላዋጣበትን ነገር ርቆ የሚኖረው አያዋጣበትም። ሩጫው ስፖንሰር የተገኘለት ዓመት ይጠብቅ።

የሰው ኃይልም ይታይ። ሦስቱንም አንድ ሰባት ሰው ያለበት ኮሚቴ ከያዘ ሦስተኛው ላይ ሁሉም ደክሞ ይደርሳል፤ እራቱን አዲስ አበባ ያሉ ተወላጆች ብቻቸውን ይያዙ፣ የከተማው ኮሚቴ ጋቢውንና ፎቶውን ይላክ። ለከንቲባ ጽሕፈት ቤትና ለፖሊስ ደብዳቤ የሚገባው ለእያንዳንዱ ዝግጅት ከሦስት ሳምንት ያላነሰ ቀደም ብሎ ነው፤ የደረሰበት ማኅተም ያለው ቅጂ ፋይል ውስጥ ይቀመጥ።

ለእያንዳንዱ ዝግጅት ደግሞ የመሰረዣ ቀን ቀድሞ ይቆረጥና በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ለባዛሩ ከመክፈቻው ሦስት ሳምንት በፊት ሃያ ድንኳን ቀብድ ካልተከፈለበት ይሰረዛል፣ የከፈሉትም ሙሉ ብራቸው ይመለስላቸዋል። ለእራቱ ከሁለት ሳምንት በፊት ሰባ ትኬት በእጅ ከተከፈለ ይቀጥላል፤ ካልሆነ አዳራሹ ወደ ትንሹ ይቀየራል ወይም ቀኑ ከፋሲካ በኋላ ይዛወራል። ሰዎቹ “እንመጣለን” ያሉት ሳይሆን የከፈሉት ነው የሚቆጠረው።